ወተቱ የተበላሸው ማን ቤት ነው? ካፌ ለወተት አቅራቢ ስለሚጽፈው የቅሬታ ደብዳቤ

ሐሙስ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ወተት የሚያመላልሰው ልጅ እንደወትሮው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስገባልን። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ሽታውም ደህና ነው። ደብተሩ ላይ «40 ሊትር» ብሎ ጻፈ፣ ፈረምኩ፣ ሄደ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ማሽን ላይ የምትሠራው ልጅ ጠራችኝ። እስቲም የሰጠችው ወተት አረፋ መሆኑ ቀርቶ ፍርፋሪ ሆኗል። ማኪያቶ ላይ ስታፈሰው ፍርፋሪው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከታች ውሃ ይቀራል።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ተደገመ፣ በቀጣዩ ሐሙስ ደግሞ ሠለሰ። ለወተት አቅራቢያችን የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት በንዴት ነበር። «ሁልጊዜ የተበላሸ ወተት ነው የምትልኩልን፤ ደንበኞቻችንን አባረራችሁብን፤ ንግዳችንን ገደላችሁት» የሚል አንድ ገጽ ሙሉ። ባለቤቴ አነበበውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ሰውየው ‹እናንተ ቤት ነው የተበላሸው› ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። በኋላ እንደገባኝ፣ ስለተበላሸ ወተት የሚጻፍ ደብዳቤ ሙሉ ሥራው ይህን ጥያቄ መመለስ ነው። ወተቱ መበላሸቱን አቅራቢው ብዙ ጊዜ አይክድም። የሚከራከረው የተበላሸበትን ሰዓትና ቦታ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ማሳየት ያለበት ወተቱ ከአቅራቢው እጅ ወደ እኛ እጅ ሲተላለፍ ምን ዓይነት እንደነበረ ነው።

ይህ ከባድ የሚሆነው ወተት መበላሸቱን ስለሚደብቅ ነው። ከላሟ ሲታለብ 38 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ከጡቷ፣ ከእጅ፣ ከዕቃው የገቡ ባክቴሪያዎች በዚያ ሙቀት በፍጥነት ይራባሉ፤ የወተቱን ስኳር እየበሉም ላክቲክ አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ በጣም ሲበዛ ወተቱ ያለ እሳት ይረጋል። እርጎ ማለት ያ ነው፤ ማንም አይቶ ያውቀዋል። ችግሩ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። አሲዱ መጨመር ጀምሯል፣ ግን ገና ወተቱን አላረጋውም። ሲፈስ ይፈሳል፣ ሲታይ ነጭ ነው፣ ቀዝቀዝ ካለ ደግሞ አፍንጫም አይለየውም። እሳት ሲያገኝ ግን ይቆራረጣል።

እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ የሚሆነው ይኸው ነው። የኮመጠጠው አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። አሲድና ሙቀት አንድ ላይ ሆነው ፕሮቲኑን ከውሃው ይለያዩታል። የካፌ ማሽን እስቲምም ወተቱን ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ በቂ አሲድ ካለ አይቡ ኩባያ ውስጥ ይወጣል። ለዚህ ነው ጠዋት በጀሪካን «ደህና» ሆኖ የገባው ወተት ማሽን ላይ የሚጋለጠው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ውስጥ አልኮመጠጠም፤ ኮምጥጦ ነው የመጣው። ነገር ግን ይህን እኔ ማወቄ አይበቃም፤ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው እምቢ ሊለው በማይችለው መንገድ መቅረብ አለበት።

የእኛ ሦስት ቀናት በማስረጃ ጥንካሬ ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ሆነው ተገኙ። አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ከዚህ የተማርኩት ከየትኛውም የደብዳቤ ናሙና ይበልጣል።

በመጀመሪያው ሐሙስ ልጅቷ ስትጠራኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቡናውን ነው። ቡና ራሱ አሲድ አለው፤ ሊበላሽ ጫፍ የደረሰ ወተት ቡና ሲነካው ሊቆራረጥ ይችላል፣ አቅራቢም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ከዚያው ጀሪካን አንድ ሲኒ ወተት ብቻውን በንጹሕ ድስት ጣድኩ። ሲንተከተክ ድስቱን ዘንበል አድርጌ ሳየው ግድግዳው ላይ ፍርፋሪ ተለጥፏል። ቀጥዬ ከሁለተኛው ጀሪካን አንድ ሲኒ ጣድኩ። ያኛው ፈልቶ ገነፈለ፣ ልስልስ እንዳለ ነው። በዚያች ቅጽበት የገባኝ አልነበረም እንጂ ትልቁን ማስረጃ በእጄ ይዤ ነበር። ሁለቱ ጀሪካኖች በአንድ ጊዜ ገብተዋል፣ በአንድ ፍሪጅ ተቀምጠዋል፣ በአንድ ሰው እጅ ተከፍተዋል፣ በአንድ ዓይነት ድስት ፈልተዋል። አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ከተቆራረጠ፣ ልዩነቱ የመጣው ካፌያችን ከመግባታቸው በፊት ነው። ፍሪጁ አላቀዘቀዘም ቢባል ሁለቱንም ባበላሸ ነበር። የሁለቱንም ድስት ፎቶ አንስቼ ከ«20 ሊትሩ ተቆራርጧል፣ ሌላው ደህና ነው» ከሚል መልእክት ጋር ከጠዋቱ 1፡40 ላይ ለአቅራቢው በቴሌግራም ላክሁላቸው።

ቅዳሜ ጥር 17 ግን ካፌው በሰው ተጨናንቆ ነበር። ወተቱን ተቀብለን ሁለቱንም ጀሪካን ፍሪጅ ከተትን። እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ከዓርብ የተረፈውን ደህናውን ወተት ስንጠቀም ቆየን። አዲሱን ስንከፍት ሁለቱም ጀሪካኖች ተቆራረጡ። በዚያ ወከባ የቻልኩት ለአቅራቢው መደወል ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬም ተበላሽቷል እኮ!» አልኳቸው፤ «እሺ ልጄ፣ አየዋለሁ» አሉኝ። ፎቶ የለም፣ መልእክት የለም፣ ደህና ሆኖ የሚመሰክር ሌላ ጀሪካን የለም፤ በመካከሉ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ወተቱ እንደ ሐሙሱ ኮምጥጦ እንደመጣ ዛሬም አምናለሁ። በወረቀት ላይ ግን ከሦስቱ ቀናት ደካማው ይህ ነው፤ ኪሳራው ደግሞ ከሦስቱም ትልቁ፣ 40 ሊትር።

ከዚያ በኋላ ልጁ ሳይሄድ ማፍላት ጀመርን። ከእያንዳንዱ ጀሪካን አንድ ሲኒ፣ በሁለት ትንንሽ ድስት፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ወተቱን በደንብ አማስሎ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ከላይ ያለው ቅባት ብቻ ከተቀዳ አያሳይም። ድስቱም በሳሙና ታጥቦ በደንብ የተለቀለቀ መሆን አለበት፤ የትናንት ወተት የደረቀበት ድስት ደህናውን ሊያስከስስ ይችላል። ሐሙስ ጥር 22 ከሁለቱ አንዱ ተቆራረጠ፣ ልጁም ቆሞ አየው። «ይዘኸው ተመለስ» ስለው «መመለስ አልተፈቀደልኝም» አለኝ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ «1 ጀሪካን 20 ሊትር፣ ሲረከቡ ሲፈላ ተቆራርጧል፣ ከጠዋቱ 12፡45» ብዬ ጻፍኩና ሁለታችንም ፈረምን። ይህች አንዲት መስመር ከአንድ ገጽ እሮሮ ትበልጣለች።

ማፍላት የሚይዘው አሲዱ ከፍ ያለበትን ወተት ነው። ቀደም ብሎ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የወተት ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበትን የአልኮል ሙከራ መሥራት ይችላል። ከፋርማሲ የተገዛ 70 በመቶ አልኮልና ወተት እኩል በእኩል፣ አንድ ማንኪያ ለአንድ ማንኪያ፣ በንጹሕ ብርጭቆ ተቀላቅሎ ቀስ ተብሎ ይናጣል። ብርጭቆው ላይ ጥቃቅን ፍርፋሪ ከታየ ወተቱ ወደ መበላሸት እየሄደ ነው። የተሞከረበት ወተት ይደፋል፣ አይጠጣም። ግን አንድ ጥንቃቄ አለው፤ ገና የወለደች ላም እንገርና ጡቷ የታመመ ላም ወተት ሳይኮመጥጥም በአልኮል ይፈረፈራል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «ያደረ ወተት ሸጣችሁልን» ብሎ ምክንያቱን መወሰን ስህተት ነው። ያየነውን እንጽፋለን፦ «ሲፈላ ተቆራርጧል።» ምክንያቱን መፈለግ የእነሱ ድርሻ ነው።

ይሁንና ምክንያቱን መጠቆም አይከለከልም፤ የእኛ ሦስት ቀናትም የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ሐሙስ። ሁሉም የጾም ማግስት ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ማኪያቶ ይቀንሳል፣ ሻይና ጥቁር ቡና ይበዛል፤ እኛም በእነዚያ ቀናት 15 ሊትር ብቻ ነው የምንወስደው። ሌላውም ካፌ እንዲሁ ነው። ላሟ ግን አትጾምም፤ ረቡዕም እንደ ማክሰኞ ትታለባለች። ያልተሸጠው ወተት በደንብ ካልቀዘቀዘ ወይም ከሐሙስ ጠዋቱ ጋር ከተቀላቀለ፣ ኮምጣጣው ደህናውንም ይዞት ይሄዳል። ይህ ግምት ነው፣ ማረጋገጫ የለኝም። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጠሁት፣ እሱንም በጥያቄ መልክ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ብዙ የካፌ ባለቤቶች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። «የሸማች መብት አለኝ» ይላሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረት የሚገዛውን አይጨምርም። ወተት ገዝቶ ማኪያቶ የሚሸጥ ካፌ በዚህ ትርጉም ሸማች አይደለም። መብቱ የሚመነጨው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በተለይም ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ስለ ሽያጭ ዋስትና ከሚናገሩት ድንጋጌዎች ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ሻጭ ዕቃው ጉድለት የሌለበትና ከውሉ ጋር የሚስማማ ስለመሆኑ ዋስ ነው። ገዢ ደግሞ ዕቃውን እንደቻለ ወዲያው መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ፣ ምን ዓይነት ጉድለት እንደሆነ ለይቶ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ዝም ካለ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

«ሳይዘገይ» የሚለው ቃል ለወንበር ሲሆንና ለወተት ሲሆን አንድ አይደለም። የተሰበረ ወንበር በሳምንቱም እንደተሰበረ ነው። ወተት ግን ደህናውም በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የተላከ ማስታወቂያ ስለ ጠዋቱ ወተት ብዙም አይናገርም። የዚያኑ ጠዋት አጭር መልእክት መላክ፣ ደብዳቤውን ደግሞ በቀኑ ወይም በማግስቱ ማስከተል ነው መፍትሔው። መልእክቱ ሰዓቱን ይይዛል፣ ደብዳቤው ጥያቄውን። ደብዳቤው ሌላም ጥቅም አለው፤ በአንቀጽ 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄም ለዚህ ይሆናል። ከአቅራቢው ጋር የተፈረመ ውል የለንም ብላችሁ አትስጉ። ለእንዲህ ያለ ሽያጭ የቃል ስምምነት ይበቃል፤ የርክክብ ደብተሩና የባንክ ክፍያው ስምምነቱን ያሳያሉ።

ቀጥሎ ያለው ምን እንደምንጠይቅ መወሰን ነው። እኔ የፈለግሁት ምትክ ነው፤ ከሰውየው ጋር መሥራት ማቆም አልፈለግሁም። ነገር ግን 80 ሊትር በአንድ ቀን «ተኩልኝ» ማለት ራስን መጉዳት ነው። በቀን 40 ሊትር የሚጠቀም ካፌ 80 ቢመጣለት ግማሹ ማደሩ ነው፣ ያደረው ደግሞ መልሶ ቅሬታ ይሆናል። ለወተት ምትክ ማለት በተግባር ወደፊት የሚመጣውን መደበኛ ወተት ያለ ሒሳብ መቀበል ነው። ቀኑን መርጬ ሰኞና ማክሰኞ አልኩ፤ የጾም ማግስት እንዳይሆን።

ምትኩን ከጠየቅሁ በኋላ የዚያኑ ወተት ዋጋ «መልሱልኝ» ልል አልችልም፤ አንዱን ሊትር ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይሆናል። በእነዚያ ጠዋቶች ከሱቅ የታሸገ ወተት ገዝተን ነበር፤ ከዚህ ላይ የምጠይቀው የዋጋውን ልዩነት ብቻ ነው። 50 ሊትር በ130 ብር ገዝተናል፣ ውላችን በ100 ነው፣ ልዩነቱ 1,500 ብር። ደረሰኝ አለኝ። «ደንበኛ ሸሸን» የሚለውን ግን አወጣሁት። እውነት ነው፣ ሸሽቷል፤ ስንት እንደሸሸ ግን በወረቀት ማሳየት አልችልም። የማይረጋገጥ ቁጥር ከጎኑ ያሉትን የተረጋገጡትንም ያጠራጥራል።

የተበላሸውን ወተትም አልነካሁትም። ከሠራተኞቻችን አንዷ «አይብ እናውጣለት፣ ምን በወጣው ይደፋል» ብላኝ ነበር፤ ሲደፋ ማየት እኔንም አሞኛል። ግን ከየት ላም፣ በምን ዕቃ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ የማላውቀውን ጥሬ ወተት ለሰው አላቀርብም። አይብ አውጥተን ብንሸጠው ደግሞ አቅራቢው «ተጠቅማችሁበታል» ማለት ይችላል፣ ልክም ነው። ከእያንዳንዱ ጀሪካን ግማሽ ሊትር በንጹሕ የውሃ ጠርሙስ ቀድቼ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁ። ፍሪጅ ውስጥ ቢሆን ቀስ እያለ መኮምጠጡን ይቀጥላል፣ የጠዋቱንም ሁኔታ ማሳየቱ ይቀራል። የቀረውን አቅራቢው መጥቶ እንዲያየው እስከ ማታ አቆይተን ደፋነው።

ደብዳቤው በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

ቀን፦ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ፦ …… ወተት አቅራቢ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሲፈላ የተቆራረጠ 80 ሊትር ወተት እንዲተካልን ስለመጠየቅ

ድርጅታችሁ ረቡዕና ዓርብ 15 ሊትር፣ በሌሎቹ የሥራ ቀናት 40 ሊትር ጥሬ ወተት፣ ሊትሩን በ100 ብር ሊያቀርብልን ተስማምተን፣ የሳምንቱን ሒሳብ ሰኞ ሰኞ አስቀድመን እየከፈልን ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አብረን ስንሠራ ቆይተናል። ከጥር 15 እስከ ጥር 22 ባሉት ቀናት ከተረከብነው ውስጥ ግን ቀጥሎ የተዘረዘረው ወተት ሲፈላ ተቆራርጧል።

ሐሙስ ጥር 15 ከጠዋቱ 12፡30 ከተረከብናቸው ሁለት ጀሪካኖች አንዱ (20 ሊትር) ያለ ቡና ብቻውን ሲፈላ ተቆራርጧል፤ በአንድ ፍሪጅ የነበረው ሁለተኛው ጀሪካን በዚያው ሰዓት ሲፈላ ደህና ነበር። ፎቶውን 1፡40 ላይ በቴሌግራም ልከናል።

ቅዳሜ ጥር 17 ከጠዋቱ 12፡30 የተረከብናቸው ሁለት ጀሪካኖች (40 ሊትር) ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተከፍተው ሲፈሉ ሁለቱም ተቆራርጠዋል። ወዲያው በስልክ አሳውቀናል።

ሐሙስ ጥር 22 ከተረከብናቸው ሁለት ጀሪካኖች አንዱ (20 ሊትር) አመላላሻችሁ ባለበት 12፡45 ላይ ሲፈላ ተቆራርጧል። በርክክብ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ሁለታችንም ፈርመናል።

ስለዚህ፦ በቅድሚያ የከፈልንበት 80 ሊትር ሰኞ ጥር 26 እና ማክሰኞ ጥር 27 በሚመጣው በየቀኑ 40 ሊትር ወተት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲተካልን እንጠይቃለን። በእነዚህ ቀናት ወተት ከሌላ ቦታ ስንገዛ የወጣብንን የ1,500 ብር የዋጋ ልዩነትም እንድትሸፍኑልን እንጠይቃለን፤ የደረሰኞቹ ቅጂ ተያይዟል። ምላሻችሁን እስከ ቅዳሜ ጥር 24 ድረስ ብታሳውቁን፣ የሰኞውን ክፍያ በዚያው መሠረት እናስተካክላለን።

ሦስቱም ቀናት የጾም ቀን ማግስት መሆናቸውን አስተውለናል። ከዋዜማው የተረፈ ወተት ይቀላቀል እንደሆነ እንድታዩልን እንጠይቃለን። ከእያንዳንዱ ጀሪካን የተቀዳ ናሙና ፍሪዘር ውስጥ ስላለ መጥታችሁ ማየት ወይም ማስመርመር ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም)

ጥቂት ነገሮችን ላብራራ። «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ የጻፍኩት «ቅሬታ ስለማቅረብ» አይደለም፤ ስንት ሊትር እንዲተካልን እንደምንፈልግ ነው። ጸሐፊዋ ፋይል ውስጥ ልትከተው ስትል ያቺን መስመር ብቻ ብታነብ እንኳ ጥያቄው ይገባታል። «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አታገኙትም፤ ከጥቅምት ወዲህ የመጣው አብዛኛው ወተት ደህና ነበር፣ «ሁልጊዜ» ካልኩ ጋሼ ደህናውን ቀን ጠቅሰው ሁሉንም ያፈርሱብኛል። ቅዳሜን ደግሞ አላጋነንኩትም። ረፋድ 4 ሰዓት መሆኑን፣ በስልክ ብቻ መሆኑን እንዳለ ጻፍኩ። ደካማውን ቀን ደብቄ ቢያገኙት ጠንካሮቹንም አያምኑኝም ነበር። ከከፈልነው ላይ ቀንሰን እናስቀራለን የሚል ማስፈራሪያም አላስገባሁም፤ «ክፍያውን እናስተካክላለን» የሚለው ሰኞ ክፍያ እንዳለ ያስታውሳል፣ ያ ይበቃል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትሜ ቢሯቸው ድረስ ራሴ ወሰድኩት። ለወተት አመላላሹ ልጅ አልሰጠሁትም፤ እሱ ወተት ነው የሚያመላልስ፣ በድርጅቱ ስም ደብዳቤ የመቀበል ሥልጣን ይኑረው አይኑረው አላውቅም። አንዱን ቅጂ ተቀብለው በእኔ ቅጂ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው፣ ስምና ቀን ጽፈው፣ ፈርመው መለሱልኝ። ፎቶውን ደግሞ ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

ዓርብ ማታ ደወሉልኝ። ስለ ሁለቱ ሐሙሶች አልተከራከሩም። «የመጀመሪያው ሐሙስ ሁለተኛው ጀሪካን ደህና ከነበረ እኔ ምን እላለሁ» አሉኝ። ቅዳሜው ላይ ግን ቆሙ፦ «ልጄ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ስታቆዪው እኔ እዚያ አልነበርኩም።» ልክ ናቸው፣ እኔም አልነበርኩም ማለት ይቻላል፤ ደንበኛ ላይ ነበርኩ። በመጨረሻ የቅዳሜውን 40 ሊትር እኩል ተካፈልነው፣ 20 እሳቸው 20 እኔ። በጠቅላላው 60 ሊትር፣ ሰኞ 40 ማክሰኞ 20፣ ያለ ሒሳብ መጣልን። ከዋጋ ልዩነቱ ደግሞ የሁለቱን ሐሙሶች 750 ብር ሸፈኑ፣ የቅዳሜው 750 ለእኔ ቀረ።

የጾም ማግስቱን ነገር አልካዱም፣ አላመኑምም። ግን ከዚያ ወዲህ ሐሙስና ቅዳሜ የሚመጡት ጀሪካኖች ላይ «የጠዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ነው የሚመጡት። እኛም የርክክብ ደብተሩ ላይ ከ«ሊትር» ቀጥሎ «ሲፈላ» የሚል አዲስ ዓምድ አሰመርንበት። ልጁ ጀሪካኑን አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ሁለቱ ትንንሽ ድስቶች ይጣዳሉ፣ እሱም እኔም አይተን «ደህና» ብለን እንፈርማለን፣ ከዚያ ይሄዳል።